ፖሊጎን፣ ነርብስ ወይስ ፓራሜትሪክ ሶሊድ? ሦስቱ መንገዶች በአንድ የእጅ ባትሪ ላይ ሲፈተኑ

ምርት መንደፍ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የፕሮግራም ምርጫ ነው። ብሌንደር ይማር፣ ራይኖ፣ ፍሪካድ ወይስ ፊውዥን? ከስሞቹ ጀርባ ግን የሚያመዝን ልዩነት አለ፤ ፕሮግራሞቹ ቅርጽን የሚይዙበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። ፖሊጎን ሞዴሊንግ ቅርጹን በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ ጠፍጣፋ ገጾች ይይዛል። ነርብስ በሒሳብ ቀመር በተገለጹ ለስላሳ ገጾች ይይዘዋል። ፓራሜትሪክ ሶሊድ ደግሞ ቅርጹን ከነአሠራሩ፣ በየትኛው ልኬትና በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተሠራ ጭምር ይይዛል።

ሦስቱን በአንድ ዕቃ ላይ እንፈትናቸው። ዕቃው የእጅ ባትሪ ነው። ኤኤ የሚባሉት ሁለት ትናንሽ ድንጋዮች ተከታትለው የሚገቡበት ቱቦ አለው፤ ከኋላ ክዳን፣ መሃሉ ላይ ለእጅ እንዲመች ቀጠን ያለ መያዣ፣ ከፊት አምፖሉ የሚቀመጥበት ሰፋ ያለ ራስ። ቱቦው ከድንጋዩ ጋር መግጠም ስላለበት ልኬት ይጠይቃል፤ መያዣው ለእጅና ለዓይን ስለሚሠራ ውበት ያለው ቅርጽ ይጠይቃል። ጀማሪዎች የሚመርጧቸው ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሁለት ፍላጎቶች አጣምረው የያዙ ናቸው።

መነሻ ቁጥሮቻችን ጥቂት ናቸው። የኤኤ ድንጋይ ዲያሜትር ቢበዛ 14.5 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ ቢበዛ 50.5 ሚሊ ሜትር ነው። ድንጋዩ ሳይጣበቅ እንዲገባና እንዲወጣ 0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብንሰጠው የቱቦው የውስጥ ዲያሜትር 15.2 ይሆናል። ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር ቢወፍር የውጭው ዲያሜትር 19.2 ይደርሳል። የመጀመሪያው ናሙና የሚወጣው ፕላስቲክ እያቀለጠ በድርብርብ በሚያትም ተራ 3ዲ ፕሪንተር ነው።

ሦስቱ ከየት መጡ

መንገዶቹ የተወለዱባቸው ሙያዎች የተለያዩ ናቸው፤ ዛሬ የሚቀናቸውም ነገር ከዚያ የተወረሰ ነው።

ነርብስ የመጣው ከመኪና አካል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮየን፣ ፒየር ቤዚየ በሬኖ ሲሠሩ የመኪናን ቅርፊት በጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚገልጽ ሒሳብ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬን ቨርስፕሪል በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ በሠራው የዶክትሬት ጥናት ዛሬ ነርብስ የምንለው መልክ ተገለጠ። ይህ ሒሳብ ነጻ ኩርባንም ትክክለኛ ክብንም በአንድ ቋንቋ መግለጽ ይችላል።

ፖሊጎን ያደገው በኮምፒውተር ሥዕልና በፊልም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኤድዊን ካትሙልና ጂም ክላርክ ሻካራ ሜሽን ደጋግሞ በመከፋፈል ለስላሳ ገጽ የሚያወጣ ዘዴ አሳተሙ። ፒክሳር እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው አጭር ፊልም የአንድን ሽማግሌ ፊት የሠራው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው።

ፓራሜትሪክ ሶሊድ የማሽን ዕቃ ነዳፊዎች ልጅ ነው። ከሶቭየት ኅብረት ወደ አሜሪካ የፈለሰው የሒሳብ ሰው ሳሙኤል ጋይስበርግ ያቋቋመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮኢንጂነርን ለገበያ አቀረበ። የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ልኬት ሲቀየር በልኬቱ ላይ የተመሠረተው ሁሉ ራሱን እንዲያስተካክል ማድረግ ነበር። ሶሊድወርክስ እ.ኤ.አ. በ1995 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ተራው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አወረደው።

ፖሊጎን፦ የሚታማበትና እውነተኛው ችግሩ

ፖሊጎን ብዙ ጊዜ የሚታማው ትክክለኛ ክብ መሥራት ስለማይችል ነው። ሐሜቱ እውነት ቢሆንም ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ እናስላ። ብሌንደር ሲሊንደር ጨምር ሲባል ሳይነኩት 32 ጎን ያለው ዕቃ ያወጣል። ማዕዘኖቹ 15.2 ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ ቢቀመጡ፣ ፊት ለፊት ባሉት ጠፍጣፋ ጎኖች መካከል ያለው ስፋት 15.13 ይሆናል። የጠፋው 0.07 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተራው ፕሪንተር ራሱ ከሚሳሳተው ያነሰ። በ16 ጎን ስፋቱ ወደ 14.91 ይወርዳል፤ ድንጋዩ አሁንም ይገባል። በ8 ጎን ግን 14.04 ስለሚሆን 14.5 የሆነው ድንጋይ አይገባም። ስለዚህ ጎኑን ማብዛት እስከተቻለ ድረስ ክብ አለመሆኑ ብቻውን ፖሊጎንን ከውድድሩ አያስወጣውም።

ጀማሪውን ይበልጥ የሚጎዳው ማለስለሻው ነው። የብሌንደር ትምህርቶች በጥቂት ጎኖች ጀምሮ በሰብዲቪዥን ማለስለስን ያስተምራሉ፤ ለመያዣው ውብ ቅርጽ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ዘዴ ቅርጹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ለስላሳው ገጽ በተቀመጡት ነጥቦች ላይ አያልፍም። በ15.2 የተሠራ ባለ 8 ጎን ቱቦ በሰብዲቪዥን ሲለሰልስ ዲያሜትሩ ወደ 13.7 ገደማ ይወርዳል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የተዋበ ክብ ቱቦ ነው፤ የተጻፈው ቁጥር 15.2 ነው፤ ታትሞ ሲወጣ ግን ድንጋዩ አፉ ላይ ይቆማል። ስህተቱን ለማወቅ ማለስለሻው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የወጣውን ሜሽ መለካት ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ የተጻፈውን ቁጥር ማየት አይበቃም።

ሌላው ወጥመድ የመለኪያ አሐድ ነው። ለፕሪንተር የሚላከው STL ፋይል ሦስት ማዕዘኖችን ብቻ ይይዛል፤ ቁጥሮቹ ሜትር ይሁኑ ሚሊ ሜትር አይናገርም። ብሌንደር ሳይነኩት በሜትር ስለሚሠራ አሥር ሴንቲ ሜትር ለእሱ 0.1 ነው። የፕሪንተሩ ፕሮግራም ደግሞ ቁጥሩን እንደ ሚሊ ሜትር ያነበዋል። በዚህ ምክንያት የእጅ ባትሪያችን ሺህ ጊዜ አንሶ፣ በዓይን የማይታይ ነጥብ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። መድኃኒቱ ከመጀመሪያው አሐዱን ወደ ሚሊ ሜትር ማዞርና ወደ ውጭ ሲላክ መጠኑን ማረጋገጥ ነው።

እነዚህ ሁለቱ በጥንቃቄ ይታለፋሉ። የማይታለፈው ሜሹ ቀዳዳው ቀዳዳ መሆኑን አለማወቁ ነው። ለእሱ ያለው የነጥቦች ስብስብ ብቻ ነው። ቱቦው ከድንጋዩ ጋር፣ ክዳኑ ከቱቦው ጋር ያለው ዝምድና በነዳፊው ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በፋይሉ ውስጥ የለም።

ነርብስ፦ ብርሃን የሚፈትነው ገጽ

ራይኖ ውስጥ 15.2 ዲያሜትር ያለው ክብ በእውነት ክብ ነው፤ የትኛውም ነጥብ ላይ ቢለካ ያው ነው። መያዣውም የሚሠራው በደስታ ነው። በቱቦው ርዝመት አምስት ወይም ስድስት ቦታ የመስቀለኛ መቁረጫ ኩርባዎችን ስሎ በ`Loft` ትእዛዝ በላያቸው ገጽ ማልበስ ነው። ጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ወገቡ ይቀጥናል ወይም ይሞላል።

የነርብስ ልዩ ጥንካሬ የሚታየው ሁለት ገጾች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሰፊው ራስና ቀጭኑ መያዣ ሲገናኙ ሦስት ደረጃ አለ። ጠርዛቸው ብቻ ከገጠመ መጋጠሚያው ስለታም መስመር ሆኖ ይታያል። አቅጣጫቸውም ከተስማማ እጅ ለስላሳ ብሎ ይቀበለዋል፤ በሚያብረቀርቅ ዕቃ ላይ ግን የብርሃኑ ነጸብራቅ እዚያ ቦታ ይሰበራል። የመጠማዘዛቸው መጠንም እኩል ከሆነ ነጸብራቁ ሳይቆረጥ ይፈሳል። የ`Zebra` መመርመሪያ በገጹ ላይ ነጭና ጥቁር ሰንበሮችን እየጣለ ይህን ልዩነት ያሳያል። ሰንበሮቹ መጋጠሚያው ላይ ከተዛነፉ አቅጣጫውም አልተስማማም፤ ከተገናኙ ግን ከታጠፉ መጠማዘዙ አልተስማማም።

የመኪና ቅርፊት ነዳፊ ለዚህ ሌሊቱን ሊሠዋ ይችላል። የእኛ ጀማሪ ግን የመጀመሪያ ናሙናውን የሚያትመው 0.2 ሚሊ ሜትር በሚወፍሩ ድርብርቦች ነው። የድርብርቦቹ መስመሮች ነጸብራቁን ሁሉ ስለሚሰብሩት በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ከፕሪንተሩ በወጣው ዕቃ ላይ አይታይም። ለመማር ብዙ የሚያስከፍለው ችሎታ መጀመሪያ ላይ ዋጋ ሳያወጣ ይቀራል።

ዋናው አደጋ ግን ሌላ ነው፤ ነርብስ ውስጥ ዕቃው ቅርፊት ነው እንጂ ጥጥር አይደለም። የውስጥ ገጽ፣ የውጭ ገጽ፣ የአፍ ቀለበት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተሠርቶ ይገጣጠማል። ራይኖ ለትናንሽ ዕቃዎች በሚሊ ሜትር ባዘጋጀው መነሻ ፋይል ጠርዞች ተገናኙ የሚባለው በ0.001 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀራረቡ ነው። ከዚያ የሰፋ ስንጥቅ ካለ ቅርፊቱ ክፍት ይሆናል፤ የፕሪንተሩ ፕሮግራምም ውስጥና ውጭን መለየት ይሳነዋል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። የ`ShowEdges` ትእዛዝ ያልተገጣጠሙ ጠርዞችን ቀለም ቀብቶ ያሳያል። ጀማሪ በየመገጣጠሙ ዕቃው ዝግ መሆኑን ካልጠየቀ ችግሩን የሚያገኘው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ የዚያን ጊዜ የትኛው እርምጃ እንዳበላሸው መፈለግ አድካሚ ነው።

ፓራሜትሪክ ሶሊድ፦ ልኬቱ ከነምክንያቱ

ፍሪካድ ውስጥ ሥራው የሚጀምረው ከጠፍጣፋ ስኬች ነው። የእጅ ባትሪው በርዝመቱ ቢሰነጠቅ የሚታየው የግማሽ ግድግዳ ቅርጽ ይሳልና በመሃል ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። መስመሮቹ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር ይጫናል፤ ልኬት፣ ለምሳሌ «ይህ ከዘንጉ 7.6 ይራቅ»፤ እና ገደብ፣ ለምሳሌ «እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ»። ስኬቹ ምንም የሚላወስ ነገር ሳይቀረው ሲታሰር ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ያልታሰረ ስኬች ያለበት ሞዴል ደህና መስሎ ይቆይና ሌላ ልኬት ሲቀየር ባልታሰበ አቅጣጫ ይንሸራተታል።

ቁጥሮቹን በየስኬቹ ከመበተን በአንድ ሰንጠረዥ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ዝምድናቸው እንዲህ ይጻፋል፦

```
body_id  = cell_d + clear
body_od  = body_id + 2 * wall
body_len = 2 * cell_l + spring
```

`cell_d` 14.5፣ `cell_l` 50.5፣ `clear` 0.7፣ `wall` 2 ናቸው። ለስፕሪንጉና ለመገናኛ ብረቶቹ 9 ሚሊ ሜትር ብንተው የቱቦው የውስጥ ርዝመት 110 ይመጣል። የክዳኑ ልኬትም ከ`body_id` ይወለዳል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው አንገቱ በየጎኑ 0.25 ይቀንሳል።

ሶሊድም የራሱ ሕመሞች አሉት። የመጀመሪያው ጠርዝ ማለስለስ ላይ ይታያል። የቱቦው አፍ ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ነው። የውስጡንም የውጩንም ጠርዝ በ1 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ለማለስለስ ብንሞክር በመካከላቸው የሚተርፍ ጠፍጣፋ ገጽ የለም፤ ፕሮግራሙም ብዙ ጊዜ ስህተት ብሎ ይቆማል። በ0.9 ግን ይሠራል። ጀማሪው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የተነገረው ግን ቦታ የለም ነው።

ሁለተኛው ሕመም ይብሳል። የማብሪያ ማጥፊያውን ቀዳዳ ስኬች በቱቦው ገጽ ላይ ብንለጥፈው ስኬቹ ያንን ገጽ የሚያስታውሰው ፕሮግራሙ በሰጠው ቁጥር ነው። ቀደም ያለ እርምጃ ሲቀየር ገጾቹ እንደገና ይቆጠራሉ፤ ቀዳዳውም ሌላ ቦታ ሊዘል ወይም ሊጠፋ ይችላል። ፍሪካድ በዚህ ለዓመታት ሲታማ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በወጣው 1.0 እትሙ ችግሩን በእጅጉ አቅልሎታል። ይሁንና ስኬቾችን በመነሻዎቹ ሦስት ጠለሎች ላይ ማሳረፍና የጠርዝ ማለስለሻን ወደ መጨረሻ ማቆየት በየትኛውም ሶሊድ ፕሮግራም የሚያዋጣ ልማድ ነው። ሞዴሉ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ `cell_d`ን አንዴ ወደ 10፣ አንዴ ወደ 40 ቀይሮ የሚሰበረውን ማየት ነው።

የመያዣው ቅርጽ ግን ለሶሊድ ይከብደዋል። በክብ የሚዞር ቀጭን ወገብ ቀላል ነው፤ ጣቶች የሚያርፉበት ያልተመጣጠነ እብጠትና ስርጉድ ግን ከስኬችና ከልኬት ጋር ያጣላል። ያንን የሚፈልግ ነዳፊ የመጀመሪያውን እትም በቀላል ወገብ ቢያወጣ ይሻለዋል።

የለውጥ ፈተና

ናሙናው ታትሞ ሲሞከር አንድ ሰው «ትልቁን ድንጋይ እንዲይዝ አድርገው፤ ይህ ቶሎ ያልቃል» አለ እንበል። ትልቁ ዲ የሚባለው ድንጋይ ዲያሜትሩ ቢበዛ 34.2፣ ቁመቱ 61.5 ነው።

ፖሊጎንም ሆነ ነርብስ ላይ የሚቀርበው አቋራጭ ዕቃውን ማስፋት ነው። የውስጡ 15.2 ወደ 34.9 እንዲደርስ ወደ 2.3 እጥፍ ማስፋት ያስፈልጋል። ግድግዳውም አብሮ ይሰፋና 4.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በክዳኑ ዙሪያ የነበረው 0.25 ክፍተትም 0.57 ደርሶ ክዳኑ ይላላል። ስለዚህ ማስፋት አይሆንም፤ አብዛኛው ገጽ እንደገና መሠራት አለበት። ሶሊድ ላይ ግን ሁለት ቁጥር ይቀየራል። `cell_d` 34.2፣ `cell_l` 61.5 ሲባል የውስጡ 34.9፣ የውጩ 38.9፣ ርዝመቱ 132 ይሆናል፤ ግድግዳው 2፣ የክዳኑ ክፍተት 0.25 እንደሆኑ ይቀራሉ።

እርግጥ ብሌንደርና ራይኖም ለውጥን የሚያስታውሱ መሣሪያዎች አሏቸው። ብሌንደር ሞዲፋየሮች፣ ራይኖ ደግሞ ግራስሆፐር አላቸው። ነገር ግን ጀማሪው እነዚያን ለይቶ መማር አለበት፤ ሶሊድ ውስጥ ግን የሥራው ተራ መንገድ ይኸው ነው።

ትንሿም ለውጥ ብትሆን ተደጋጋሚ ናት። በፕሪንተር የሚወጣ ቀዳዳ ከተነደፈው በጥቂቱ ጠብቦ መውጣቱ የተለመደ ስለሆነ 0.7 ክፍተት መብቃቱ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ሙሉ ቱቦውን ከማተም በፊት 15 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሦስት ቀለበቶች በ0.5፣ በ0.7 እና በ0.9 ክፍተት አትሞ ድንጋዩን በየተራ ማስገባት ነው። ሶሊድ ላይ ሦስቱ ቀለበቶች የሚወጡት አንዲት ቁጥር በመቀየር ነው።

ከኮምፒውተሩ ወደ ሠሪው

ፋይሉ ወደማን እንደሚሄድም ይታሰብ። ፕሪንተር ከሦስቱም STL ይቀበላል። ዕቃው አንድ ቀን በአሉሚኒየም ይሠራ ከተባለና ኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ወደሚሠራ ቤት ከሄደ ግን የሚጠየቀው STEP ነው። STEP ክቡን እንደ ክብ፣ ሲሊንደሩን እንደ ሲሊንደር ይዞ ይሄዳል። ቶርኖ ቤት ደግሞ ልኬት የተጻፈበት ወረቀት ይበቃዋል፤ ያንን ሥዕል ሶሊድ ፕሮግራም ከሞዴሉ ላይ ያወጣዋል።

እዚህ ላይ በሦስቱ መካከል ያለው ዝምድና ይገለጣል። ሶሊድ ፕሮግራሞች ነጻ ኩርባ ያላቸውን ገጾች ከውስጥ የሚይዙት በነርብስ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ከሶሊድ ወደ ነርብስ፣ ከነርብስም ወደ ሶሊድ መሻገር ይቻላል፤ የልኬቶቹ ታሪክ ይቀር እንደሆን እንጂ ቅርጹ አይጎዳም። ከሁለቱም ወደ ፖሊጎን መውረድ የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው። ከፖሊጎን ወደላይ መመለስ ግን ከባድ ነው፤ ሺህ ሦስት ማዕዘን ከነበረበት ቱቦ ውስጥ «ይህ ሲሊንደር ነበር» ብሎ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሰው ነው፣ እንደገና በመሥራት። ድንበሩን የሚያለዝቡ መንገዶችም መጥተዋል። ራይኖ ከ7ኛ እትሙ ጀምሮ የሰብዲቪዥን ቅርጽን ወደ ነርብስ ይቀይራል፤ ፊውዥንም እየጎተቱ የሚቀርጹትን ገጽ ወደ ሶሊድ ይለውጣል። መንገዶቹ በደንብ የሚሠሩት ግን ቅርጹ ንጹሕ በሆኑ ባለ አራት ጎን ገጾች ከተሠራ ነው።

ፍርዱ የሚገለበጥባቸው ሁኔታዎች

የእጅ ባትሪው ሶሊድን ሲመርጥ ሌላ ዕቃ ሌላውን ይመርጣል። የሰው ፊት ወይም እንስሳ ያለበት ማስጌጫ ብሎን አያስገባም፤ በፖሊጎን ይቀረጽ። በእጅ የተሠራ ጀበና በስካነር ተነስቶ ልክ ለእሱ ማቶት ይሠራለት ከተባለም ስካነሩ የሚሰጠው ሜሽ ስለሆነ ሥራው ከዚያ ይጀምራል። ዋጋው ያለው በሚያብረቀርቅ ገጹ ላይ የሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ የራስ ቁር ቅርፊት፣ የነርብስ ነው። ጌጣጌጥ ነዳፊዎች ራይኖን የለመዱትም ለዚህ ነው።

ኪስና ኢንተርኔትም ይፈርዳሉ። ብሌንደርና ፍሪካድ ነጻ ናቸው፤ አንዴ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ራይኖ ከ90 ቀን ሙከራ በኋላ ይገዛል። የሶሊድ ፕሮግራም የሆነው ኦንሼፕ በብራውዘር ስለሚሠራ ያለ ኔትወርክ አይከፈትም፤ በነጻው መንገድ የሚሠራበት ሰው ንድፎችም ለሁሉ ክፍት ናቸው። መስመር በሚቆራረጥበትና የውጭ ምንዛሪ ክፍያ በሚያስቸግርበት ከተማ ለሚኖር ጀማሪ ይህ ልዩነት ፍሪካድን ያስመርጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ ሁለት ጥያቄ ነው። ዕቃው ውስጥ ሊሳት የማይገባው ቁጥር የቱ ነው? ነገ የሚቀየረውስ የቱ ነው? ለሁለቱም መልስ ያለው ዕቃ፣ ማለትም ከሌላ ነገር ጋር የሚገጥም፣ የሚከደን፣ ድንጋይ ወይም ቦርድ የሚይዝ ዕቃ በፓራሜትሪክ ሶሊድ ይጀመር። የመጀመሪያ ንድፍ ብዙ ጊዜ የሚሻሻል ስለሆነ ልኬቶቹን ከነዝምድናቸው የሚያስታውስ ሞዴል ያስፈልገዋል። ቅርጹ በሶሊድ አልታዘዝ ሲል ነርብስ መማር ተገቢ ይሆናል፤ ያንጊዜ የሚጨመረው ገጽ ከነባሩ ሞዴል ጋር በአንድ ሒሳብ ይገጣጠማል። ፖሊጎን ደግሞ የመያዣውን መልክ በፍጥነት እየቀረጹ ለመምረጥ ይጥቀም፤ የተመረጠው ቅርጽ ግን ልኬቱ ተወስዶ በሶሊዱ ውስጥ እንደገና ይሠራ እንጂ ሜሹ ራሱ የምርቱ ዋና ፋይል አይሁን።